ፒኬኤው 5.1፣ ኢኩቫለንሱ 8.4፤ ሁለቱም ወደ 7 ሲሳቡ

«25 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት አድርጌ ግራፉን ሠራሁ። መምህራችን ፒኬኤውን ከግማሽ ኢኩቫለንስ ነጥብ አውጡ ብለውናል፤ ነጥቡን ግራፉ ላይ የት ነው የማገኘው? ደግሞ ኢኩቫለንሱ ላይ ፒኤቹ 8.4 ሆነብኝ፤ 7 መሆን አልነበረበትም ወይ?»

7 መሆን አልነበረበትም፤ ይሁን እንጂ 8.4ም መሆን አልነበረበትም። ይህችን 8.4 በደንብ አውቃታለሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ሦስት ቅዳሜ በልታብኛለች። ስለዚህ ቡሬት እንዴት እንደሚሞላ ማስረዳቱን ለሌሎች ትቼ፣ እኔን ያቃጠለኝን ብቻ በተራ ቁጥር አስቀምጥልዎታለሁ።

1. በቅድሚያ የሚፈለገው ቮልዩሙ ነው፤ ፒኤቹ ከዚያ በኋላ ይነበባል። ኢኩቫለንስ ነጥቡ ግራፉ እጅግ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ቦታ ስለሆነ፣ በዓይን ከመገመት ይልቅ በተከታታይ ንባቦች መካከል ያለውን የፒኤች ልዩነት ለተጨመረው ቮልዩም ማካፈል ይሻላል። የእኔ ደብተር ላይ 24.8 ሚሊ ሊትር ሲደርስ 6.9፣ 24.9 ላይ 7.1፣ 25.0 ላይ 8.4፣ 25.1 ላይ 9.7፣ 25.2 ላይ 10.0 ተጽፏል። ለእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር የመጣው ለውጥ በቅደም ተከተል 0.2፣ 1.3፣ 1.3 እና 0.3 ነው። ትልልቆቹ ሁለቱ ለውጦች የሚገናኙት 25.0 ላይ ነውና ኢኩቫለንሱ እዚያ ነው። ይህን ለማየት ግን ከ24 እስከ 26 ባለው ክልል ውስጥ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ እየጨመሩ ማንበብ ግድ ይላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን አንድ አንድ ሚሊ ሊትር እየለቀቅሁ ከ24 ወደ 25፣ ከ25 ወደ 26 ዘለልሁ፤ በመካከሉ የነበረውን መስመር በእጄ ነው የሳልሁት፤ ያ ቅዳሜ በዚሁ ከሰረ።

2. «ግማሽ» የሚባለው የቮልዩም ግማሽ ነው። ኢኩቫለንሱ 25.0 ላይ ከሆነ ግማሹ 12.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ12.5 ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወጥተው ግራፉን ሲነኩ ወደ ግራ ዞረው ፒኤቹን ያነባሉ። አጠገቤ የነበረ ልጅ በመነሻው ፒኤች እና በኢኩቫለንሱ ፒኤች መካከል ያለውን አማካይ ወስዶ ፒኬኤ ነው ብሎ አስረከበ። ትክክለኛ መሣሪያ ቢኖረው እንኳ ያ መንገድ 5.8 ገደማ ነው የሚሰጠው፤ የአሴቲክ አሲድ ፒኬኤ ግን 4.76 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 12.5 ሚሊ ሊትር ቤዝ ሲገባ ከአሲዱ ግማሹ ወደ አሴቴት ተለውጧል፣ ግማሹ እንዳለ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በዚህ ቀመር ውስጥ ሎጋሪዝሙ ዜሮ ሆኖ ይወድቃል፦

```
pH = pKa + log([A-]/[HA])
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ግራፉ በግማሹ አካባቢ በጣም ዝርግ ነው። በ12.5 ፈንታ 12.0 ወይም 13.0 ላይ ቢያነቡ ፒኤቹ የሚዛነፈው በ0.04 ያህል ብቻ ነው። በቮልዩም ስህተት ብቻ ከ4.76 ተነሥቶ 5.1 ለመድረስ 17 ሚሊ ሊትር ላይ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል የሚስት ሰው ደግሞ ቡሬት አያውቅም ማለት ነው። ይህን የምለው በእኔ ላይ የተነገረው ክስ በትክክል ይኸው ስለነበረ ነው።

3. ፒኤች ሜትሩን በሁለት በፈር ሳያስተካክሉ አይጀምሩ። የእርስዎም ሜትር እንደ እኔው በ7 በፈር ብቻ የተስተካከለ ሳይሆን አይቀርም፤ 8.4 ከሌላ ስህተትም ልትመጣ ስለምትችል ግን መፈተሽ አለበት። በእኛ ላብራቶሪ የጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ የ7 በፈር ብቻ ነበር። የ4ቱን ለማግኘት ወደ ኬሚካል መጋዘን ወርጄ ስጠይቅ፣ ኃላፊው ከትምህርት ክፍሉ ፊርማ አምጣ አለኝ፤ ትምህርት ክፍሉ ስሄድ ቅዳሜ የሚፈርም ሰው የለም ተባልሁ። ተመልሼ ለላብራቶሪ ረዳቱ ስነግረው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሰባቱ ይበቃሃል፣ ሁሉም በሱ ነው የሚሠራው» አለ። እኔም ኤሌክትሮዱን በ7 በፈር ውስጥ ነከርሁት፤ ሜትሩ 7.00 አሳየ፤ ደስ ብሎኝ ጀመርሁ። ኤሌክትሮዱ ደርቆ የተገኘ፣ የመስታወት አምፖሉ ላይ ነጭ ጨው የጋገረ አሮጌ ነበር፤ በወቅቱ ግን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም።

ውጤቴ እንዲህ ሆነ። መነሻው 3.6፣ ግማሹ ላይ 5.1፣ ኢኩቫለንሱ ላይ 8.4። ሪፖርቱ «ቡሬት በአግባቡ አልተነበበም» ተብሎ በቀይ ተመለሰልኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ቡሬቱን ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ሜኒስከሱን ከነጭ ወረቀት ፊት ለፊት እያነበብሁ ደገምሁት፤ ውጤቱ ያው ነበር። ሪፖርቱም ያው ቀይ ጽሑፍ ተጽፎበት ተመለሰ። ዛሬም ስጽፈው ያበሽቀኛል፤ የአንድ ሰው ቡሬት ንባብ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ዓይነት መጠን ሊሳሳት እንደማይችል ቆም ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ቤቴ ቁጭ ብዬ የኢኩቫለንሱን ፒኤች በስሌት ሳወጣ ነው። ኢኩቫለንሱ ላይ አሲድ አልቆ ፍላስኩ ውስጥ የቀረው ሶዲየም አሴቴት ነው፤ አሴቴት ደግሞ ደካማ ቤዝ ስለሆነ ከውኃው ጥቂት ፕሮቶን ወስዶ ሃይድሮክሳይድ ይተዋል፤ 7 ሊሆን የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው። መጠኑን ሲያሰሉ መርሳት የሌለብዎት፣ 25 ሚሊ ሊትር ላይ 25 ሚሊ ሊትር ስለተጨመረ የአሴቴቱ መጠን 0.1 ሳይሆን 0.05 ሞላር መሆኑን ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሽየስ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
pH = 7 + pKa/2 + log(C)/2
pH = 7 + 2.38 - 0.65 = 8.73
```

ቀጥዬ በመጽሐፉ 4.76 ፈንታ ራሴ የለካሁትን 5.1 በዚሁ ቀመር አስገባሁ። 8.90 ወጣ። ደንግጬ ደጋግሜ አሰላሁት። አሲዱ በእውነት ከአሴቲክ አሲድ የደከመ፣ ፒኬኤው 5.1 የሆነ ቢሆን ኖሮ ኢኩቫለንሱ ከ8.73 ከፍ ማለት ነበረበት፤ የእኔ ግን ዝቅ ብሎ 8.4 ሆኗል። ሜትሩ ሁሉንም ንባብ እኩል ከፍ ወይም እኩል ዝቅ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮም ሁለቱ ቁጥሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር መሳሳት ያለባቸው። የእኔዎቹ ግን ታችኛው ወደ ላይ፣ ላይኛው ወደ ታች፣ ሁለቱም ወደ 7 ተስበዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ደህና ኤሌክትሮድ ለእያንዳንዱ የፒኤች ደረጃ በ25 ዲግሪ 59 ሚሊ ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ያረጀ ወይም የደረቀው ከዚያ ያነሰ ይሰጣል፤ 7 ላይ ግን ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ድካሙ አይታይም። ስለዚህ የ7 በፈር ብቻውን የታመመ ኤሌክትሮድ ጤነኛ መስሎ የሚያልፍበት ፈተና ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፊርማውን ዓርብ ከሰዓት አስፈርሜ፣ መጋዘኑን አስከፍቼ የ4ቱን በፈር ተቀበልሁ። ኤሌክትሮዱን አጥቤ ስነክረው ሜትሩ 4.5 አነበበ። የላብራቶሪ ረዳቱን ጠርቼ አሳየሁት፤ «ይሄ ሜትር ድሮም እንደዚህ ነው» ብሎኝ ሄደ! እንግዲህ ሁለት ቅዳሜ ያደከመኝን ነገር ድሮም ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ሌላ ኤሌክትሮድ ስላልነበረ የድሮ ንባቦቼን አልጣልኋቸውም። 3.0 የፒኤች ደረጃ መሆን የነበረበት 2.5 ሆኖ ከታየ፣ ከ7 ያለው ርቀት ሁሉ በ3.0/2.5፣ ማለትም በ1.2 መባዛት አለበት። ግማሹ ላይ ከ7 ያለው ርቀት 1.9 ስለነበረ በ1.2 ሲባዛ 2.28 ይሆናል፤ ከ7 ሲቀነስ 4.7። ኢኩቫለንሱ ላይ ርቀቱ 1.4 ነበር፤ 1.68 ሆኖ ከ7 ላይ ሲደመር 8.7። ሁለቱ ቁጥሮች አሁን በቀመሩ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። 4.76 ሳይሆን 4.7 መሆኑም አያስጨንቅዎ፤ ኤሌክትሮዱ የሚለካው አክቲቪቲን ስለሆነ፣ በዚህ የጨው መጠን በመቶኛ ቤት ጥቂት ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ይህን ማስተካከያ ከነስሌቱ በሪፖርቱ ላይ አስፍሬ ሳስረክብ ያለ ቀይ ጽሑፍ ተመለሰልኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የ4 በፈር ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አየሁ። ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ባላውቅም ድርሻዬን ለራሴ ወስጃለሁ።

ልብ ይበሉ፤ የኤሌክትሮዱ ድካም ቮልዩሙን አልነካውም። ግራፉ ቢጨፈለቅም ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ቦታ 25.0 ላይ እንዳለ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎም ግራፍ ቀጥ ብሎ የሚወጣው 25.0 ላይ ከሆነ 12.5 ትክክል ነው፣ ቤዙን እንደገና ማንጠባጠብ አያስፈልግዎትም። ቮልዩሙን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ክዳኑ ተከፍቶ ከከረመ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ስለሚዳከም፣ ኢኩቫለንሱ ከ25.0 አልፎ ይመጣል። ያኔም ግማሹ የሚወሰደው ከተገኘው ቮልዩም ነው እንጂ ከ25.0 አይደለም።

አሁን የሚቀርዎት አንድ ነገር ነው። ያንኑ ሜትርና ያንኑ ኤሌክትሮድ ሳይቀይሩ፣ እንደገናም ሳያስተካክሉ በ4 በፈር ይንከሩትና ንባቡን ይጻፉ። ከተገኘ በ10 በፈርም ይድገሙት፤ የእኔ 1.2 ከ7 በላይም ይሠራል ብዬ የወሰድሁት ከ7 በታች ብቻ ለክቼ ነውና። ፊርማውን ግን ዓርብ ከቀትር በፊት ያስፈርሙ።