የማይላላው ጡንቻ፦ ስለ ዳሌ ወለል ሕመም ለጠየቃችሁኝ

«ሽንቴ ያጣድፈኛል። በየሰዓቱ እሮጣለሁ፣ ስደርስ ግን ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል። ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ኢንፌክሽን የለም ተባልኩ። እንዲሁ መስሎኝ ነው?»

አይደለም እህቴ። ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተዘረጉ የዳሌ ወለል የሚባሉ ጡንቻዎች አሉ፤ ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከሥር ደግፈው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ስትሸኚ መላላት አለባቸው። ቀኑን ሙሉ እንደተጨበጠ እጅ ከቆዩ ግን ይደክማሉ፣ ያማሉ፣ ፊኛሽም ገና ሳይሞላ የሞላ ያህል ይሰማሻል። ስትቀመጪም ስለማይላሉ ሽንቱ ይቆራረጣል።

ለዚህ የምትሄጂባት ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ የምታዝሽ ለሦስት ቀን ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል እንደሸናሽ መመዝገብ ነው። ሽንቱ ሲያጣድፍሽ አትሩጪ። ቁጭ በይ፣ ትንፋሽሽን በቀስታ አውጪ፣ ከታች ላላ በይ፣ ሲያልፍልሽ በእርጋታ ተነሽ። ከዚያ በሽንትና በሽንት መካከል ያለውን ጊዜ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ እየጨመርሽ ትሄጃለሽ፤ ግቡ ከ3 እስከ 4 ሰዓት መቆየት ነው። ከቤት ስትወጪ «ለማንኛውም ልሽና» ማለትም ይቅር፣ ፊኛን የሚያበላሽ ልማድ ነው።

«ሰገራዬ ደረቅ አይደለም፣ ማለስለሻም እወስዳለሁ። ግን ግማሽ ሰዓት አምጬም የቀረ ነገር እንዳለ ይሰማኛል።»

ማለስለሻው ሰገራውን ያለሰልሳል እንጂ ጡንቻውን አያላላም። ፊንጢጣን ከኋላ ዞሮ ወደ ፊት የሚስብ ጡንቻ አለ፤ ስንቀመጥ ላልቶ መንገዱን ቀጥ ማድረግ ነበረበት። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ባማጠ ቁጥር እሱ ይብሱን ይጠብቃል። ስለዚህ የበለጠ ማማጥ የበለጠ መዝጋት ይሆናል፣ ሰው ደግሞ ይህን ሳያውቅ ዓመታት ይታገላል።

እንዲህ ሞክር። 20 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መርገጫ ላይ እግርህን አሳርፍ፣ ጉልበትህ ከዳሌህ ከፍ ይበል፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለህ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አድርግ። ሆድህን ወደ ውስጥ አትሳብ፣ ወደ ውጭ ይለቀቅ። ትንፋሽ ይዘህ አታምጥ፤ «ሽሽሽ» እያልክ እያወጣህ በቀስታ ግፋ። በ10 ደቂቃ ካልመጣ ተነስ፣ ሌላ ጊዜ ትሞክራለህ። ምግብ ከበላህ በኋላ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ያን ሰዓት ምረጥ። በዚህ ካልተስተካከለ ባዮፊድባክ የሚባል ነገር አለ፤ ስትገፋ ጡንቻህ እየጠበቀ ይሁን እየላላ በስክሪን ላይ እያየህ ትለማመዳለህ።

«ኬግል ጀመርኩ፣ ሕመሙ ባሰብኝ። ግንኙነት ስንፈጽምም ያቃጥለኛል። ልቀጥል?»

አቁሚ። ኬግል የዳሌ ወለልን ጡንቻ እየጨመቁ የሚሠራ ስፖርት ነው፤ የጠበቀን ጡንቻ መልሶ መጨመቅ ማባባስ ነው። የሚያሳስተው እንዲህ ያለ ጡንቻ ሲፈተሽ ደካማ መምሰሉ ነው፤ ቀድሞም ስለተጨበጠ ከዚያ በላይ የሚጨብጠው የለውም። መጀመሪያ ማላላት፣ ማጠንከር ካስፈለገ ኋላ ይደርሳል። ስለ ማቃጠሉ ደግሞ ለባለሙያዋ በግልጽ ንገሪያት፤ ሲያምሽ እየቻልሽ መቀጠል ጡንቻው ቀድሞ እንዲጨብጥ ያስለምደዋል።

«ወንድ ነኝ። ስቀመጥ በብልቴና በፊንጢጣዬ መሃል ያመኛል። ፕሮስቴት ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ፣ ባክቴሪያ ግን አልተገኘም። ፊዚዮቴራፒ ብሄድ ምን ያደርጉኛል?»

ይህ የሴት ሕመም ብቻ አይደለም፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅክ። ባለሙያው መጀመሪያ ስለ አቀማመጥህ፣ ስለ ሰገራህና ስለ ሽንትህ ይጠይቅሃል፣ አተነፋፈስህን፣ ሆድህን፣ ዳሌህንና የጭንህን ውስጠኛ ክፍል ያያል። ከዚያ ፈቃደኛ ከሆንክ ጓንት አድርጎ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በአንድ ጣት በፊንጢጣ በኩል ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ ይነካል። የሚፈልገው ሲጫነው ያንኑ የምታውቀውን ሕመም የሚቀሰቅስ ቋጠሮ ነው። ካገኘው እስኪላላ ድረስ ቀስ ብሎ ተጭኖ ይቆያል። በጣም ካመመህ ተናገር፤ ጥርስ ነክሶ መቻል እዚህ ጋ አይሠራም፣ ስታፍን ጡንቻው መልሶ ይጨብጣል። በማንኛውም ሰዓት «ይቁም» ማለት ትችላለህ። የውስጡን ምርመራ ካልፈለግክም ከውጭ ብዙ የሚሠራ አለ።

ቤት ስትሆን በጀርባህ ተኝተህ፣ እግርህን ወንበር ላይ አውጥተህ፣ ለ5 ወይም 10 ደቂቃ በሆድህ ተንፍስ፤ አየር ስታስገባ ከታች ዝቅ ሲል እስኪሰማህ። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ትሄዳለህ፣ ለውጡም በ2 እና 3 ወር ውስጥ ይመዘናል። ሕመሙ ከመቀነሱ በፊት ሽንትህ ሳታምጥ መጀመሩን ልታይ ትችላለህ፣ እሱን እንደ መሻሻል ቁጠረው።

«ሁሉም ጡንቻ ነው ማለት ነው?»

አይደለም። ደም በሽንት ወይም በሰገራ፣ ትኩሳት ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። በድንገት ሽንት እምቢ ካለ፣ ወይም በጭንና በጭን መሃል ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።