የኮይን ዋጋ መጠኑን አይናገርም፦ ማርኬት ካፕና ኤፍዲቪን አብሮ ማንበብ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሺባ ኢኑ የገዛሁት በጣም ርካሽ ስለሆነ ነው፤ አንድ ዶላር ቢገባ ብዬ። ጓደኛዬ ደግሞ ማርኬት ካፑ ትንሽ የሆነ አዲስ ኮይን ፈልግ ይለኛል። ገጹን ስከፍት ግን ከማርኬት ካፑ ስር FDV የሚል ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቁጥር አያለሁ። የትኛውን ልመን?»

መልስ፦ ሁለቱንም ቁጥሮች ያስፈልጉዎታል፤ ግን የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት። ስሌታቸው ይህ ነው፦

```
Market Cap = Price × Circulating Supply
FDV        = Price × Max Supply
```

በሁለቱም ውስጥ ዋጋው አንድ ነው። የሚለየው የሚባዛበት ብዛት ነው፤ የመጀመሪያው ዛሬ በሰው እጅ ሆኖ ሊሸጥ የሚችለውን ኮይን ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ገና የተቆለፈውንና ያልተፈጠረውን ሁሉ ይጨምራል።

ከሺባ እንጀምር። በዝውውር ላይ ያለው ወደ 589 ትሪሊዮን ኮይን ነው። አንዱ 1 ዶላር ቢገባ ማርኬት ካፑ 589 ትሪሊዮን ዶላር ይሆናል፤ የዓለም አገሮች ሁሉ በአንድ ዓመት የሚያመርቱት ድምር ከ100 ትሪሊዮን ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነው። 0.01 ዶላር እንኳ ቢደርስ 5.89 ትሪሊዮን ነው፣ ቢትኮይን እስከ 2025 መጨረሻ ከደረሰበት ከፍተኛ መጠን ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ሺባ በታሪኩ ከሁሉ የበለጠ የተወደደው እ.ኤ.አ. በ2021 ኦክቶበር መጨረሻ ሲሆን፣ ያኔ ዋጋው 0.00008 ዶላር አካባቢ፣ ማርኬት ካፑም ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ዜሮዎች የሚነግሩን ፈጣሪዎቹ መጀመሪያ ስንት ኮይን ለማተም እንደወሰኑ ብቻ ነው። ስለዚህ «ስንት ዶላር ይገባል?» ከማለት ይልቅ «አሁን ካለበት ማርኬት ካፕ አሥር እጥፍ ለመሆን ስንት ቢሊዮን ይጠይቃል? ያን ያህል የሚመዝን ሌላ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ።

የአንዱ ዋጋ ምንም እንደማይናገር በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ያኔ ሌንድ የሚባለው ኮይን ወደ አቬ ሲቀየር ባለቤቶቹ 100 ሌንድ ሰጥተው 1 አቬ ይቀበሉ ነበር፤ 1.3 ቢሊዮን የነበረው 13 ሚሊዮን ሆነ። የአንዱ ዋጋ በመቶ እጥፍ ከፍ አለ፣ በማንም እጅ ያለው ሀብት ግን በልውውጡ ምክንያት አልጨመረም አልቀነሰም። ገበታው ላይ ዋጋውን ብቻ ያየ ሰው መቶ እጥፍ ያደገ ኮይን ሊመስለው ይችላል።

ወደ ጓደኛዎ ምክር ስንመጣ፣ ኤፍዲቪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ማርኬት ካፕ ሁለት መነሻ ሊኖረው ይችላል፦ ወይ ገበያው ለፕሮጀክቱ ትንሽ ዋጋ ሰጥቶታል፣ ወይ አብዛኛው ኮይን ተቆልፎ ስላለ ገና አልተቆጠረም። ማርኬት ካፑን ብቻ ካዩ እነዚህን መለየት አይቻልም።

በኤተርየም ላይ የተገነባውን አርቢትረም የተባለ ኔትወርክ እንደ ምሳሌ ልውሰድ፣ ክፍፍሉም የመልቀቂያ ጊዜውም በይፋ የታወቀ ስለሆነ። ኮይኑ (ARB) እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሲወጣ ጠቅላላ ብዛቱ 10 ቢሊዮን ነበር። ለተጠቃሚዎች 11.62 በመቶ፣ በኔትወርኩ ላይ ለሚሠሩ ማኅበራት 1.13 በመቶ ታደለ። ይህ 1.275 ቢሊዮን ነው፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሰው የሚገበያየውም በዋናነት ይህን ነበር። ለሠራተኞችና አማካሪዎች የተመደበው 26.94 በመቶ፣ ለባለሀብቶች የተመደበው 17.53 በመቶ ተቆልፎ ቆየ።

በ2024 መጀመሪያ ወራት የአንዱ ዋጋ 2 ዶላር አካባቢ ነበር። ማርኬት ካፑ በዚህ ዋጋ 2.55 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ኤፍዲቪው ግን 20 ቢሊዮን ነበር። አንዱን ለአንዱ ሲያካፍሉ 12.75 በመቶ ያገኛሉ፤ ማለትም ከመቶ ኮይን ሰማንያ ሰባቱ ገና ወደ ገበያ አልገባም ነበር።

ማርች 16 ቀን 2024 መቆለፊያው ተከፍቶ በአንድ ቀን 1.11 ቢሊዮን ገደማ ተለቀቀ። በዝውውር ላይ የነበረው በ87 በመቶ ጨምሮ ወደ 2.39 ቢሊዮን ደረሰ። ማርኬት ካፑ በ2.55 ቢሊዮን ቢቆም የአንዱ ዋጋ ወደ 1.07 ዶላር ይወርዳል። ዋጋው 2 ዶላር ላይ እንዲቆይ ደግሞ ማርኬት ካፑ ወደ 4.8 ቢሊዮን ማደግ ነበረበት። ፕሮጀክቱ ምንም ሳይበላሽ፣ ማንም ሳይሸሽ፣ የባለቤቱ ድርሻ እየሳሳ ዋጋው በግማሽ ሊወርድ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ኮይኑ ከ1 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ሁሉንም በመልቀቂያው ላይ መጫን አይገባም፣ ገበያው በአጠቃላይም ቀዝቅዞ ነበር። ቢሆንም ጫናው ሳይታሰብ የመጣ አልነበረም፤ ቀኑም ብዛቱም አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ዝግ ያለ ፍሰት ነው፦ እስከ ማርች 2027 ድረስ በየወሩ 92.65 ሚሊዮን። ዋጋው 1 ዶላር ቢሆን በየወሩ ወደ 93 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አዲስ ኮይን ለባለቤቶቹ ይደርሳል። የሚቀበሉት ሁሉ ይሸጣሉ ማለት አይደለም። ሆኖም ቀደምት ባለሀብቶች ብዙ ጊዜ የገቡት አሁን ከምናየው በጣም ባነሰ ዋጋ ነው፤ ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ አትርፈው መውጣት ይችላሉ።

ታዲያ ኤፍዲቪን እንደ እውነተኛ ዋጋ ይቁጠሩት? አይደለም። 20 ቢሊዮን የሚለው ቁጥር የተገኘው 1.275 ቢሊዮን ኮይን በሚገበያይበት ገበያ የተሰጠውን ዋጋ ለሽያጭ ባልቀረበ 8.7 ቢሊዮን ኮይን ላይ በማባዛት ነው። ያ ሁሉ ቢቀርብ ማንም በ2 ዶላር አይገዛውም ነበር። እኔ ኤፍዲቪን የማየው ምን ያህል እንደተቆለፈ ለመረዳት ነው፤ ለውሳኔ የምጠቀምበት የአንድ ዓመቱን ስሌት ነው። አሁን ባለው ብዛት ላይ በሚቀጥሉት 12 ወራት የሚለቀቀውን ይጨምሩ። ከማርች 2024 በኋላ ለአርቢትረም እንዲህ ይመጣል፦

```
12 × 92.65M    = 1.11B
1.11B / 2.39B  = 46%
```

የአንዱ ዋጋ ባለበት እንዲቆይ ብቻ ማርኬት ካፑ በዓመቱ በ46 በመቶ ማደግ አለበት ማለት ነው። ይህ ቁጥር 5 በመቶ ከሆነ ብዙ አያሳስብም፤ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን ለመግዛት በጣም ጠንካራ ምክንያት እንዲኖርዎት እመክራለሁ። ቢትኮይን ከ21 ሚሊዮኑ 95 በመቶ ያህሉ ስለወጣ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ።

የመልቀቂያ ሰንጠረዡን በፕሮጀክቱ ሰነድ ውስጥ `Vesting` ወይም `Tokenomics` በሚለው ክፍል ያገኙታል፤ `DefiLlama` ላይም `Unlocks` የሚል ገጽ አለ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሰንጠረዡ በድምፅ የሚወሰነውን አያሳይም። አርቢትረም ሲጀምር ከ3.5 ቢሊዮን በላይ ኮይን ለኮይኑ ባለቤቶች ማኅበር ግምጃ ቤት ተመድቦ ነበር፤ ከዚያ የሚወጣው አባላት ድምፅ ሲሰጡ ነው እንጂ በቀን አልተቆረጠለትም።

ብዛቱን ራስዎ ማጣራት ከፈለጉ የኤተርየም መዝገብ በሚታይበት ኤተርስካን ድረ ገጽ ላይ የኮይኑን ውል ይክፈቱ፣ `Contract` ከሚለው ስር `Read Contract` ገብተው `totalSupply` ይመልከቱ። የሚወጣው ቁጥር አስደንጋጭ ርዝመት ይኖረዋል፤ `decimals` 18 ከሆነ የመጨረሻዎቹን 18 አሃዞች ይቁረጡ። እዚህ ላይ ሺባ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ውሉ የሚያሳየው ወደ 1 ኳድሪሊዮን ነው፣ ከ589 ትሪሊዮን በጣም የራቀ። ምክንያቱም ፈጣሪዎቹ ግማሹን ከኤተርየም መሥራቾች አንዱ ለሆነው ለቪታሊክ ቡተሪን ልከውለት ነበርና እሱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ወደ 410 ትሪሊዮን የሚሆነውን ማንም ሊያንቀሳቅሰው ወደማይችል አድራሻ ላከው። ኮይኑ ከአገልግሎት ወጥቷል፣ ውሉ ግን አሁንም ይቆጥረዋል። ስለዚህ `Holders` የሚለውን ገጽ ከፍተው በ`0xdead` የሚጀምሩ አድራሻዎች የያዙትን መቀነስ አለብዎት። በተቃራኒው፣ ኮይን ገበያ ገጾች ላይ `Self-reported` የሚል ምልክት ካዩ በዝውውር ላይ ያለውን ብዛት የነገረን ፕሮጀክቱ ራሱ ነው፣ ሌላ ማንም አላጣራውም።

`Max supply` ባዶ ወይም የማያልቅ ምልክት ያለበት ኮይንም ያጋጥምዎታል፤ ኤተር አንዱ ነው። ያኔ ገጾቹ ኤፍዲቪን የሚያሰሉት ዛሬ ባለው ጠቅላላ ብዛት ስለሆነ ከማርኬት ካፑ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ያ እኩልነት ወደፊት አዲስ ኮይን አይፈጠርም ማለት አይደለም፤ በዓመት ስንት እንደሚጨመር ለብቻው ይፈልጉ።

ጓደኛዎ የሚጠቁምዎት በጣም ትንሽና በጣም አዲስ ኮይን ከሆነ ደግሞ ማርኬት ካፑ ራሱ አይታመንም። 1 ቢሊዮን ኮይን ታትሞ ሁሉም በዝውውር ላይ ነው እንበል፤ ማርኬት ካፑና ኤፍዲቪው እኩል ስለሆኑ ንጹሕ ይመስላል። በዩኒስዋፕ ዓይነት መገበያያ ገንዳ ውስጥ 10,000 ዶላርና 1 ሚሊዮን ኮይን አለ። የአንዱ ዋጋ 0.01 ዶላር፣ ማርኬት ካፑ 10 ሚሊዮን ዶላር። አሁን አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ኮይን ቢሸጥ፣ ማለትም ከጠቅላላው ከሺህ አንዱን፣ የሁለቱ ብዛት ብዜት ሳይለወጥ መቆየት ስላለበት ገንዳው ውስጥ 2 ሚሊዮን ኮይንና 5,000 ዶላር ይቀራል። ሻጩ 10,000 ይገባኛል ብሎ 5,000 ወሰደ፤ ዋጋው 0.0025 ሆነ፤ ማርኬት ካፑ ከ10 ሚሊዮን ወደ 2.5 ሚሊዮን ወረደ። የወጣው ገንዘብ 5,000 ዶላር ብቻ ነው፣ የጠፋው «መጠን» ግን 7.5 ሚሊዮን።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮይን ሲያዩ በገጹ ላይ `Liquidity` የሚለውን ከማርኬት ካፑ አጠገብ ያስቀምጡት። ለመግዛት ያሰቡት ገንዘብ ከገንዳው የዶላር ወገን ከመቶ አንዱን ካለፈ፣ ሲገቡም ሲወጡም ዋጋውን ራስዎ ያንቀሳቅሱታል፤ ገንዳውም የማን እንደሆነና የተቆለፈበትን ቀን ሳያዩ አይግቡ፣ ባለቤቱ ዶላሩን አንስቶ ሲሄድ ኮይኑን የሚሸጡበት ቦታ አይኖርም።