ከዋርድ ለምትለቂው እህቴ፦ ስለ ደብዳቤውና ስለ ርክክቡ

«ባህር ዳር የግል ሆስፒታል ውስጥ ሰርጂካል ዋርድ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ጥቅምት ላይ ማስተርስ ልጀምር ነው። መልቀቂያ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? ከልጆቹ ጋር ተቀያይሜ መውጣት አልፈልግም፣ ዋርዱንም ጥዬ መጥፋት አልፈልግም።»

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔም እዚሁ ከተማ ሠርቼ ነው ለማስተርስ ጎንደር የሄድኩት። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ጣጣው ያለው ርክክቡ ላይ ስለሆነ ብዙውን የምነግርሽ ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን አስቢ። የግል ሆስፒታል ስለሆነ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፤ እሱ ደግሞ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ይጠይቃል። (የመንግሥት ሆስፒታል የምትሠሩ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፣ ይሄን አትከተሉ።) ዘንድሮ ነሐሴ 20 ካስገባሽ ጳጉሜንን አትርሺ። ከነሐሴ 10 ቀን ይቀራል፣ ጳጉሜን 5፣ ከዚያ መስከረም 15 ላይ 30 ይሞላል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አትሚና መዝገብ ቤት ወስደሽ ያንቺን ኮፒ ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር አስጽፊ፣ ማኅተምም አስደርጊበት። ማትሮኗ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሄድ አይበቃም። በኋላ «መቼ አስገባሽ?» ሲባል የሚመሰክርልሽ ያ ማኅተም ነው።

ግን ከማስገባትሽ በፊት ለማትሮኗና ለዋርድ ኃላፊዋ በአፍሽ ንገሪያቸው። ከወረቀት ሲሰሙት ይከፋቸዋል፣ እውነታቸውንም ነው። የመስከረምን የዱቲ ፕሮግራም የሚያወጡት እነሱ ናቸው።

ደብዳቤው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

ለ… ሆስፒታል ነርሲንግ አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ስለማሳወቅ

በሰርጂካል ዋርድ በነርስነት ላለፉት 4 ዓመታት ሳገለግል ቆይቻለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ለመከታተል ስለምሄድ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ መስከረም 15 እንዲሆን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

የዋርዱ ባልደረቦቼ በማታ ተራ ሁለት ሆነን 20 ታካሚ በያዝንባቸው ሌሊቶች ጎኔ ስለቆሙ፣ ቁስል አያያዝንም በእጄ ይዘው ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በእጄ ያሉትን የመድኃኒት ቁልፍ፣ የናርኮቲክ መዝገብ እና የድንገተኛ ትሮሊ ከመስከረም 8 ጀምሮ ለምትመደብልኝ ነርስ ቆጥሬ በፊርማ አስረክባለሁ። ተተኪዬ ከእኔ ጋር ቢያንስ 3 ተራ አብራ እንድትገባ እጠይቃለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬም እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ ለሰርጂካል ዋርድ ኃላፊ

በቃ። ምስጋናው ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። «ለተደረገልኝ መልካም ትብብር ሁሉ» ብለሽ አትለፊው። ሰው የሚያስታውሰው የሆነውን ነገር ስትጠቅሺለት ነው። እናቴ ታማ ሐሙስና ዓርብ ተራዬን የሸፈነችልኝን ልጅ በደብዳቤዬ ላይ «ተራዬን ስለሸፈኑልኝ» ብዬ ነበር ያመሰገንኳት። ስሟን አልጻፍኩም፣ እሷ ግን አወቀችው። የደመወዝ ቅሬታ፣ የኃላፊ ጸባይ፣ የተቀማ እረፍት እዚህ ወረቀት ላይ አይግባ። ደብዳቤው ፋይልሽ ውስጥ ለዘላለም ይቀመጣል። የታካሚ ስምና ካርድ ቁጥርም እንዳትጽፊበት፣ ምክንያቱም መዝገብ ቤትና ሰው ኃይል ያነቡታል።

አሁን ወደ ርክክቡ። እኔ የለቀቅኩበት ቦታ (ስሙን አልጠራም) ቁልፉን ለተረኛዋ በእጇ ሰጥቼ፣ ተሳስመን፣ አልቅሰን ተለያየን። በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። ከናርኮቲክ ሳጥኑ ሁለት አምፑል ፔቲዲን ጎደለ። መዝገቡ 9 ይላል፣ ሳጥኑ ውስጥ 7 አለ። የመጨረሻው ፊርማ የኔ ነው። ሌሊቱን ለኦፕራሲዮን ታካሚ ተሰጥቶ ታካሚው ቻርት ላይ ተጽፏል፣ መዝገቡ ላይ ግን አልሰፈረም። ባዶዎቹ አምፑሎች ትሪው ላይ ባይገኙ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። እስኪጣራ ድረስ ክሊራንሴ ቆመ፣ ምዝገባዬም ሊያልፈኝ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ተቀባይዋ ባለችበት ሳጥኑን ክፈቱ። አንቺ ከመዝገቡ ቀሪውን ታነቢያለሽ፣ እሷ አምፑሉን በእጇ አንስታ ትቆጥራለች። ሞርፊኑን፣ ፔቲዲኑን፣ ዲያዜፓሙን ለየብቻ። የሚያበቃበትን ቀን አብራችሁ እዩት። ከዚያ ያለፉትን 3 ቀናት የተሰጡትን ከታካሚ ቻርት ጋር አመሳክሩ፣ የኔ ስህተት የተደበቀው እዚያ ነበር። ልክ ሲሆን መዝገቡ ላይ ባለው መስመር ስር ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ የዋርድ ኃላፊዋም ትፈርም። ካልገጠመ ቁልፉን እንዳትሰጪ፣ እዚያው ኃላፊዋን ጥሪ።

በስምሽ የወጣ ዕቃም ካለ (የግፊት መለኪያ፣ ግሉኮሜትር፣ የሎከር ቁልፍ) መልሰሽ ወረቀት ያዢ። ቀሪ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ነው የሚከፈለው፤ ግን ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳይመልስ ከዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል።

የታካሚ ርክክብ ደግሞ ሌላ ነው። የተኙትን አልጋቸው ጋ ሆነሽ ነው የምታስረክቢው፣ እሱን ታውቂዋለሽ። የሚረሱት የሚመላለሱት ናቸው። እኔ ከዘጌ የሚመጣ የስኳር እግር ቁስል ያለበት አባት ነበረኝ፣ በየሁለት ቀኑ ፋሻ የምቀይርለት። በጀልባ ነው የሚመጣው። ንፋስ ሲነሳ ጀልባው ይዘገይና ድሬሲንግ ክፍሉ ለምሳ ሊዘጋ ሲል ይደርሳል። እኔ ሁልጊዜ እጠብቀው ነበር። ይሄ ቻርቱ ላይ የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያሉትን ለየብቻ በዋርዱ ደብተር ላይ ጻፊ፦ የካርድ ቁጥር፣ የሚመጣበት ቀን፣ ቁስሉ ባለፈው ስንት ሴንቲሜትር እንደነበር፣ በምን እንደሚታጠብ፣ መቼ ለሐኪም መታየት እንዳለበት። መስፋቱ፣ መሽተቱ ወይም ዙሪያው መቅላቱ ከታየ በዚያው ቀን ለሐኪም ይታይ ብለሽ ጨምሪ። ለእኔው አባት ከዚህ ሁሉ በላይ የጠቀመችው መስመር ግን «ጀልባ ይዘገያል፣ እስከ 7 ሰዓት ይጠበቁ» የምትለዋ ናት። ተተኪዬን በመጨረሻው ቀጠሮ ይዣት ገብቼ ከእሱ ጋር አስተዋወቅኳት፣ ፋሻውንም እሷ ፈታችው፣ እኔ ቆሜ አየሁ። «ልጄ ከእንግዲህ እሷ ናት?» አለኝ። አዎ አባባ አልኩት። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ለእሷ ሎሚ ይዞላት መጥቷል።

ስልክሽን ደግሞ «ለአንድ ወር ማታ ማታ ደውሉልኝ» ብለሽ ደብተሩ ላይ ተይው፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ቀን ላይ ማንሳት ያስቸግርሻል። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ስትቀበዪ እዚያው ቆመሽ አንብቢው። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ መጻፉን እዪ፣ ስምሽም ከዲግሪሽ ጋር በፊደል መግጠሙን አረጋግጪ። የኔ አንድ ፊደል ተሳስቶ ከጎንደር ተመልሼ ነው ያስተካከልኩት።