«5/6» የትኛው ቀን ነው? ትኬት ከመቁረጥ በፊት ምን ይጠየቃል፣ ምን ይታለፋል

«ትኬት ቢሮ ሥራ ከጀመርኩ ገና ነው። ውጭ ያሉ ደንበኞች በቴሌግራም የሚልኩት ትዕዛዝ ላይ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ የገንዘቡም ዓይነት ግልጽ አይደለም። ሁሉንም ስጠይቅ አለቃዬ ‹ደንበኛ አታሰልቺ› ይለኛል። ዝም ብዬ ስሠራ ደግሞ ይሳሳትብኛል። የቱን ልጠይቅ፣ የቱን ልተው?»

እህቴ፣ አለቃሽ እውነቱን ነው፤ አንቺም እውነትሽን ነው። ለአንድ መልእክት አምስት ጥያቄ ከመለስሽ ደንበኛው ሌላ ቢሮ ይሄዳል። ቀኑን ገምተሽ ትኬት ከቆረጥሽ ደግሞ ቅጣቱን ማን ይክፈል የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከመጠየቄ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ሁለቱ አረዳዶች የተለያየ ሥራ ያሠሩኛል ወይ? ሁለተኛ፣ ብሳሳት በኋላ ያለ ክፍያ ይታረማል ወይ? የተለያየ ሥራ የሚያሠሩኝ ከሆነና ማረሚያውም የሚያስከፍል ከሆነ እጠይቃለሁ። ካልሆነ በአንዱ ይዤ እቀጥላለሁ።

በምሳሌ እንየው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ 2018 ዓ.ም.፣ ከሜሪላንድ እንዲህ ያለ መልእክት ደረሰሽ እንበል፦

«ሰላም ናችሁ። ለእናቴ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ትኬት ፈልጉልኝ። መሄጃዋ 5/6 ይሁን። እስከ 1500 እችላለሁ። ሻንጣዋ 50 ቢሆን ነው። የልደት ቀኗ 12/3/1952 ነው። ከ2 ሰዓት በኋላ ደውሉልኝ።»

አምስቱም ቁጥሮች አሻሚ ናቸው። ጥያቄ የሚያስፈልገው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። 1500ው ዶላር ነው። በ1500 ብር ዋሽንግተን የሚያደርስ ትኬት እንደሌለ ደንበኛዋ ታውቃለች፤ የምትኖረውም አሜሪካ ነው። «ዶላር ነው ወይስ ብር?» ብሎ መጠየቅ ጊዜዋን ማባከን ነው። አንቺ ዋጋውን ስትልኪ «የአሜሪካን ዶላር» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ፣ በቃ። ደንበኛዋ ያለችው ቶሮንቶ ወይም ሜልቦርን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለያል። እዚያ «ዶላር» ሲባል የራሳቸው ዶላር ነው፤ እሱ ደግሞ ከአሜሪካኑ ያንሳል። «እስከ 1500 ከሆነ ሳትጠይቁኝ ቁረጡ» ካለችሽ በየትኛው ዶላር እንደሆነ ሳታረጋግጪ አትቁረጪ።

ሻንጣው 50 ፓውንድ ወይም 50 ኪሎ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ የሚኖር ሰው በፓውንድ ያስባል፤ 50 ፓውንድ ደግሞ 23 ኪሎ ያህል ነው፣ የተለመደው የአንድ ሻንጣ ልክ። እናትየው ግን ሻንጣቸውን የሚያዘጋጁት አዲስ አበባ ነው፣ በኪሎ ሚዛን። 50 ኪሎ ከሆነ ሁለት ሻንጣ ሆኖም ከ46 ኪሎ ያልፋል። ታዲያ ለምን አሁን አትጠይቂም? ምክንያቱም መልሱ ዛሬ የምትይዥውን በረራ አይለውጠውም። የተጨማሪ ሻንጣ ክፍያ ከጉዞው በፊት በሌላ ቀን ሊጨመር ይችላል። ትኬቱን ስትልኪ «ለእያንዳንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ (50 ፓውንድ) ይፈቀዳል» ብለሽ በሁለቱም መለኪያ ጻፊ። ትርፍ ካላቸው ራሳቸው ይነግሩሻል።

የልደት ቀኑ ላይ ስህተት ከባድ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጥያቄ አያስፈልገውም። 12/3/1952 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ከሆነ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1959 ላይ ይወድቃል። በፈረንጆች ከሆነ ደግሞ ወይ ማርች 12 ወይ ዲሴምበር 3፣ 1952 ነው። የሰባት ዓመት ልዩነት ነው፤ ለአንዲት እናት ሁለቱም ዕድሜ ያስኬዳል፣ ስለዚህ በግምት አትለይውም። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ ስሙና የልደት ቀኑ ቀድሞ ይላካል፣ ከፓስፖርቱም ጋር መግጠም አለበት። ደንበኛዋን ግን «በየትኛው አቆጣጠር ነው?» አትበያት። «የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ላኪልኝ» በያት። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለውን አትቀበይ፤ እሱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ፓስፖርቱ በፈረንጆች ነው፣ አየር መንገዱም የሚያየው እሱን ነው። ፎቶው ለስሙ አጻጻፍም ስለሚያስፈልግሽ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

«ከ2 ሰዓት በኋላ ደውሉልኝ» የሚለውም ቢሆን ብዙ አያስጨንቅም። የእሷ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ከሆነ እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ሰባት ሰዓት እንቀድማቸዋለንና። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለቷ ከሆነ ደግሞ እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል፤ ቢሮ የለም። ሁለቱም ስለማይመቹሽ አትደውዪ፣ ጻፊላት። የጽሑፍ መልእክት በየትኛውም ሰዓት ቢደርስ ማንንም አይቀሰቅስም። መደወል ግዴታ ከሆነ ብቻ ሰዓቱን ጠይቂ። ያኔም አሜሪካ ሰዓቱን እንደሚቀይር አትርሺ። ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ነው።

አሁን 5/6 ቀረ። ይሄ ነው ጥያቄው።

በእኛ አጻጻፍ ቀኑ ይቀድማል፤ ስለዚህ የካቲት 5 ሊሆን ይችላል። ወሩን ካስቀደምሽ ደግሞ ጥር 6 ነው። ሁለቱም አልፈዋል፣ ስለዚህ ይወድቃሉ። የቀሩት የፈረንጆቹ ናቸው። አሜሪካኖች ወሩን ስለሚያስቀድሙ ሜይ 6 ነው፣ ሚያዝያ 28፣ ረቡዕ። እንደ አውሮፓና እንደ እኛ ልማድ ቀኑን ካስቀደመች ደግሞ ጁን 5 ነው፣ ግንቦት 28፣ ዓርብ። በመካከላቸው አንድ ወር አለ። ደንበኛዋ አሜሪካ ስለምትኖር ሜይ 6 ይመስላል። ግን እዚህ አድገው የሄዱ ብዙዎች እስከ ዛሬ ቀኑን አስቀድመው ይጽፋሉ። አድራሻዋ ግምትሽን ያጠናክረዋል እንጂ አይዘጋውም።

ይህን ጥያቄ ግን ሥራውን አቁመሽ አትጠብቂበት። ቡኪንግ መያዝና ትኬት መቁረጥ ሁለት ነገር ናቸው። ቡኪንጉን በይበልጥ በሚመስልሽ ቀን ያዢው። ትኬቱ እንዲቆረጥ እስከተሰጠው ቀነ ገደብ ድረስ ብትለውጪው ወይም ብትሰርዢው ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ግን ቀን መቀየር ቅጣት አለው፣ በዚያ ላይ የአዲሱ ቀን ዋጋ ልዩነት ይጨመራል። ስለዚህ መጠየቂያው መስመር ትኬቱ የሚቆረጥበት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት መገመት ችግር የለውም፤ ከዚያ በኋላ ግምት ገንዘብ ያስከፍላል።

አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «5/6 ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?» ካልሻት መልሳ «5/6 ነዋ፣ እንደጻፍኩት» ትልሻለች። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ለእናታችን ረቡዕ ሚያዝያ 28 (ሜይ 6) ብለን ይዘንላቸዋል። ዋጋው ይህን ያህል የአሜሪካን ዶላር ነው። ዓርብ ግንቦት 28 (ጁን 5) ማለትሽ ከነበረ ንገሪን። እስክትመልሺልን ትኬቱን አንቆርጥም። የፓስፖርታቸውን ፎቶም ላኪልን።»

የሳምንቱ ቀን መኖሩን ልብ በይ። ሰው ቁጥር ዓይቶ ያልፋል፤ «ረቡዕ» ሲባል ግን የእረፍት ቀኑንና የሥራ ፈረቃውን ያስባል። የወሩ ስምም በፊደል ይሁን። መያዣው ሲስተም ራሱ `06MAY` ወይም `05JUN` ብሎ የሚጽፈው ይህን መምታታት ለማስቀረት ነው።

ቀኑ ግልጽ መስሎ የሚያሳስት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ሁልጊዜ አረጋግጪ። የሌሊት በረራ ነው። ከቦሌ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሱ በረራዎች ብዙ ናቸው። ደንበኛው «ማክሰኞ ሌሊት» ሲል በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ማለቱ ነው፤ ለእኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ትኬቱ ላይ ግን 00:30 ሲሆን ቀኑ ረቡዕ ተብሎ ይታተማል። ማክሰኞ ብለሽ ከፈለግሽለት አንድ ቀን ቀድሞ የሚነሳውን ትይዥለታለሽ። ትክክለኛውን ብትይዥም እንኳ ትኬቱ ላይ «ረቡዕ» ዓይቶ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ አለ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ይሄ ቀን ማስቀየር አይደለም፤ በረራ ያመለጠው ተሳፋሪ ነው የሚባለው፣ ቅጣቱም ይከብዳል።

ስለዚህ ለሌሊት በረራ ቦሌ የሚደርሱበትን ሰዓት ጻፊላቸው፦ «ማክሰኞ ማታ 3፡30 ቦሌ ይገኙ። አውሮፕላኑ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ይነሳል።» ለቀን በረራም ቢሆን ትኬቱ ላይ 08:40 ካለ «ከጠዋቱ 2፡40» ብለሽ ጨምሪ። «8 ሰዓት ከ40» ብለሽ በስልክ የነገርሻቸው እናት ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

ከዓረብ አገር የሚመጣ ትዕዛዝ ላይ ደግሞ «ሪያል» የሚለውን ዝም ብለሽ አትለፊው። የሳዑዲው ሪያል 3.75 ሆኖ አንድ ዶላር ነው። የኦማኑ ግን አንዱ ብቻ 2.6 ዶላር ያህል ያወጣል። «200 ሪያል አለኝ» ያለሽ ሰው ሪያድ ከሆነ 53 ዶላር ገደማ አለው፤ ሙስካት ከሆነ 520 ዶላር ገደማ። አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ቁጥሩ ይነግርሻል፦ በ966 ከጀመረ ሳዑዲ ነው፣ በ968 ከጀመረ ኦማን። ገንዘቡን የሚከፍለው ሌላ አገር ያለ ዘመድ ከሆነ ግን ስልኩ አይረዳሽም፤ ጠይቂ።

የመጨረሻው፣ ጠይቀሽ መልስ ካልመጣስ? ቀነ ገደቡ እየደረሰ ደንበኛዋ ዝም ብትል ብዙ ጀማሪ ቦታው እንዳያመልጥ ብሎ ይቆርጣል። አትቁረጪ። ከመዘጋቱ ጥቂት ሰዓት በፊት አንዴ አስታውሻት፣ «ዛሬ ማታ 12 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ በእናንተ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ ቡኪንጉ ይወድቃል» ብለሽ። ከወደቀ እንደገና ይያዛል። ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፣ እሱን መልእክቱ ላይ ቀድመሽ ንገሪያት። በማይፈለግ ቀን የተቆረጠ ትኬት ግን አንዳንዱ ርካሽ ዋጋ ላይ ጭራሽ ገንዘቡ አይመለስም።