ጥያቄና መልስ፦ «ይታያል» የተባለ ሥራ የማን ነው?

«ሳቢያን አካባቢ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ‹ይጠየቃል፣ ይታያል› ነው የሚሉት። ቃለ ጉባኤው ላይ ኃላፊ ብዬ ማንን ልጻፍ?»

ከላክሽልኝ ማስታወሻ አንዱን ጉዳይ እንውሰድ። ሰብሳቢው «ድንኳኑ ክረምት ሳይገባ ቢሰፋ» አሉ። ንብረት ያዡ «ከዚራ ጎበዝ ሰፊ አውቃለሁ» አሉ። ሰብሳቢው «እሺ፣ ይጠየቅ» ብለው ሊያልፉ ሲሉ ገንዘብ ያዧ «ብሩስ ከየት ይወጣል?» አለች። መልሱ «እሱ ይታያል» ሆነ።

እዚህ ውስጥ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ሰፊውን ዋጋ መጠየቅ ነው። ድንኳኑ በንብረት ያዡ እጅ ነው፣ ሰፊውንም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ «ይጠየቅ» የተባለውም እሳቸው እንደተናገሩ ነው። ግን «እሺ፣ እኔ» አላሉም። ስለዚህ «ንብረት ያዥ (ይረጋገጥ)» ብለሽ ጻፊ፤ የተናገሩትንም ቃል በቃል አጠገቡ አስቀምጪ።

ሁለተኛው የብሩ ጉዳይ ነው። ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄውን ያነሳችው ገንዘብ ያዧ ስለሆነች ሥራውን ለእሷ ይሰጣታል። መጠየቅ ግን ኃላፊነት መቀበል አይደለም። ከየትኛው ሒሳብ ይውጣ የሚለውም የኮሚቴው ውሳኔ ሊሆን ይችላል። «ኃላፊ አልተሰየመም» ብለሽ ተይው። ባዶ ቦታ በሚቀጥለው ስብሰባ ዓይን ውስጥ ይገባል። የተሳሳተ ስም ካለ ግን ሁሉም ተይዟል ብሎ ይተኛል፤ የተቀደደው ድንኳን እንደተቀደደ ለቅሶ ቤት ይተከላል።

«መጋላ ያለ የነጋዴዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ‹ከኢድ በፊት›፣ ‹ሰሞኑን› የሚሉትን እንዴት ቀን ላድርጋቸው?»

ኢድ አልፈጥር በጨረቃ ስለሚወሰን ጾሙ 29 ወይም 30 ቀን ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን ረመዳን 29 አድርገው። «ሰሞኑን» ግን ቀን የለውም፤ በትምህርተ ጥቅስ እንዳለ አስፍረውና ቀኑን ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ ባየነው ድንኳን «ክረምት ሳይገባ» የተባለው ስፌቱ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ዋጋው ቀደም ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ለእሱ የራሱ ቀን ይያዝለት።

«‹ብናሰፋው አይከፋም› ሲባል ውሳኔ ነው?»

ብቻውን አይደለም። ቀጥሎ ሰብሳቢው «እሺ» ካሉ ወይም ወሬው ወደ «በስንት?» ከዞረ ሥራ ሆኗል። ወደ ሌላ ርዕስ ከተዘለለ «የቀረበ ሐሳብ» በሚለው ሥር ይግባ።

«ሰብሳቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው። አቋርጬ ‹ማን ይሥራው?› ማለት ይከብደኛል።»

አታቋርጪ። ስብሰባው ሊዘጋ ሲል «የጻፍኩትን ላንብብ፣ ካጠፋሁ አርሙኝ» በይ። ሰው «እኔ ልሥራው» ከማለት ይልቅ በስህተት የተጻፈ ስሙን ማስተካከል ይቀለዋል። ከዚያ ለይተሽ ጠይቂ፦ «ጋሼ፣ የሰፊውን ዋጋ እርስዎ ይጠይቁልናል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደርሳል?»

ሳትጠይቂ ከተበተናችሁ ለየብቻ ደውዪላቸው። የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብትለጥፊው ዝም ያለው ሁሉ የተስማማ ይመስላል። «ኢንሻአላህ» ካሉሽ ደግሞ በአክብሮት «ለመቼ ልጻፈው?» በይ። «ይረጋገጥ» የሚለውን የምታነሺው ራሳቸው ሲመልሱልሽ ነው።