«ከፍያለሁ» ሲባል ምን ማለት ነው? የውጭ አገር ትምህርት ክፍያ ማረጋገጫ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ውጭ አገር ይማራል። ለዩኒቨርሲቲውም ለኤምባሲውም እንዲሆነኝ ይህን ጻፍኩ፦ «የልጄን የትምህርት ክፍያ 7,040 ሙሉ በሙሉ መክፈሌንና ልጄም ተመዝግቦ እየተማረ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ዩኒቨርሲቲው ግን 25 ዩሮ ይጎድላል ይላል። እኔ ሳንቲም አላጎደልኩም። እባክህ ደብዳቤውን አስተካክልልኝ።

መልስ፦ ሳንቲም እንዳላጎደሉ አምናለሁ። ዩኒቨርሲቲውም አልዋሸም። ከላኩልኝ ወረቀቶች የሆነው ነገር በደንብ ይታያል።

ኢንቮይሱ የሚለው 6,400 ዩሮ ነው። የእርስዎ ሒሳብ ግን በአሜሪካ ዶላር ነው። ባንክዎ አንዱን ዩሮ በ1.10 ዶላር መንዝሮ 7,040 ዶላር ቀነሰና 6,400 ዩሮ ላከ። ገንዘቡ ግን በቀጥታ አልሄደም፤ መሀል ላይ በሌላ ባንክ አለፈ። ያ ባንክ ለአገልግሎቱ 15 ዩሮ ቆረጠ። ተቀባዩ ባንክ ደግሞ 10 ዩሮ ወሰደ። ዩኒቨርሲቲው እጅ የገባው 6,375 ዩሮ ነው።

ይህ የሆነው በማስተላለፊያ ቅጹ ላይ SHA የሚለው ስለተመረጠ ነው። SHA ማለት የባንክዎን ክፍያ እርስዎ ይችላሉ፣ መንገድ ላይ ያለው ግን ከሚላከው ገንዘብ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። OUR ቢመረጥ ሁሉንም የሚችለው ላኪው ነው። BEN ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይነሳል። ለትምህርት ክፍያ ሁልጊዜ OUR ይምረጡ እላለሁ። እንዲያም ሆኖ አንዳንድ ተቀባይ ባንክ የራሱን የገቢ ክፍያ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ልጅዎ ቀሪ ሒሳቡን ይመልከት።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ተሸክማለች፦ ገንዘብ ልከዋል፣ ክፍያው ተሟልቷል፣ ልጁ ተመዝግቧል። እርስዎ በዓይንዎ ያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መሟላቱን የሚናገረው የዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ ክፍል ነው። መመዝገቡን የሚናገረው ሬጅስትራሩ ነው። ስለዚህ ያየነውን ብቻ እንጻፍ፦

«ለተማሪ …፣ መለያ ቁጥር …፣ በኢንቮይስ ቁጥር … ለመጀመሪያው ሴሚስተር የተጠየቀውን EUR 6,400.00 ለመክፈል፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 EUR 6,400.00 በባንክ ልኬያለሁ። ለዚህም ከሒሳቤ USD 7,040.00 ተቀንሷል። የባንኩ ማስተላለፊያ ሰነድ ተያይዟል። በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ የገባው EUR 6,375.00 መሆኑ ተገልጾልኛል። በባንኮች የተቆረጠውን ቀሪ EUR 25.00 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 በተማሪው መክፈያ ገጽ በኩል ከፍያለሁ። ክፍያው መሟላቱን የሚገልጽ ደረሰኝ እንዲላክልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከእርስዎ ረቂቅ ይረዝማል። ነገር ግን «7,040 የምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ስለ ምዝገባው አንድም ቃል የለም፤ እሱ በሬጅስትራሩ ደብዳቤ ይመጣል፣ ለኤምባሲውም ሁለቱ አብረው ይገባሉ። ስለ 25 ዩሮውም የጻፍነው እውነት የሚሆነው ከከፈሉት በኋላ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ቀኑንም እንደ ትክክለኛው ያስተካክሉ። ደግሞ እባክዎ 25 ዩሮ በዚያው በባንክ መንገድ አይላኩ። እንደገና ተቆርጦ ምንም ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በካርድ፣ በተማሪው ገጽ ይሻላል።

ትንሽ ነው ብለውም አይተዉት። ብዙ ቦታ ሲስተሙ 25ን ከ2,500 አይለይም፤ ቀሪ ካለ የተማሪውን ምዝገባ ያግዳል።

ጥያቄ፦ የምማርበት አገር ገንዘብም ዶላር ነው የሚባለው። በማረጋገጫው ላይ «$9,200» ብዬ ጻፍኩ፤ ስፖንሰሬ በአሜሪካ ዶላር ቆጠረው። ምን ብዬ ነበር መጻፍ ያለብኝ?

መልስ፦ ምልክቱን ተወውና ሦስቱን ፊደል ጻፍ። የካናዳ ከሆነ CAD 9,200.00፣ የአውስትራሊያ ከሆነ AUD 9,200.00፣ የአሜሪካ ከሆነ USD 9,200.00። እነዚህ ፊደላት ባንኮች ሁሉ የሚጠቀሙባቸው ዓለም አቀፍ መለያዎች ናቸው። የ$ ምልክት ግን ለብዙ አገር ገንዘብ ያገለግላል።

ሁለት ጥቃቅን ነገር ልጨምርልህ። ጀርመን ውስጥ 6.400,00 ተብሎ የሚጻፈው እንግሊዝ ውስጥ 6,400.00 ነው። ነጥብና ኮማው ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ትልቅ ገንዘብ ሲሆን በፊደልም ድገመው፦ «ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ የካናዳ ዶላር»። ቀኑም እንደዚያው ነው። 03/09 አንዱ ጋ ማርች 9 ነው፣ ሌላው ጋ ሴፕቴምበር 3 ነው። የወሩን ስም ጻፈው።

ስፖንሰርህ በራሱ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ማየት ከፈለገ፣ መጀመሪያ ኢንቮይሱ ላይ ያለውን ገንዘብ አስቀምጥ፣ ቀጥሎ ከሒሳብ የተቀነሰውን። ተመኑን ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ አታባዛ። እዚያ የምታየው አብዛኛውን ጊዜ የገበያው መካከለኛ ተመን ነው፤ ባንክ ከዚያ ላይ የራሱን ልዩነት ይጨምራል። የአንተ ስሌትና የባንኩ ወረቀት ሲለያዩ፣ አንባቢው የሚጠራጠረው አንተን ነው። ተመኑን ከባንኩ ሰነድ ገልብጥ።

ጥያቄ፦ ባንክ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሰጥቶኛል። ስኮላርሺፕ ቢሮው «ይህ ደረሰኝ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። ማህተም ካለው ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

መልስ፦ ልፋትሽ ይገባኛል፤ ቢሮው ግን ልክ ነው። ባንኩ የሰጠሽ ወረቀት ገንዘቡ ካንቺ መውጣቱን ይናገራል። ደረሰኝ የሚሰጠው ግን ተቀባይ ነው። በሁለቱ መሀል ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት የሥራ ቀን መንገድ ላይ ይቆያል። የሒሳብ ቁጥርና የተቀባዩ ስም ካልተጣጣሙ ደግሞ ሊመለስም ይችላል። ከስልክሽ ያነሳሽው «በሂደት ላይ» የሚለው ምስልማ ከባንኩ ወረቀትም ያንሳል።

ዩኒቨርሲቲው የሚሰጥሽ ደረሰኝ ሲመጣ፣ ከመላክሽ በፊት የደረሰኝ ቁጥር፣ ስምሽና መለያ ቁጥርሽ፣ የተከፈለበት ሴሚስተር፣ የገባው ገንዘብ እንደ EUR ካለው መለያ ጋር፣ ሒሳብሽ ላይ የተመዘገበበት ቀን እንዳሉበት እዪ። ከሁሉም በላይ እኔ የምፈልገው «ቀሪ ሒሳብ» የሚለውን መስመር ነው። ደረሰኝ የተከፈለውን እንጂ የቀረውን ላይናገር ይችላል። ቀሪው ካልተጻፈ የሒሳብ መግለጫ ጠይቂና አያይዢ።

ደረሰኙ ቢዘገይስ? ባንክሽን የስዊፍት ኮፒ፣ ማለትም ባንኩ ለሌላው ባንክ የላከውን የማስተላለፊያ መልእክት ቅጂ፣ ስጡኝ በይ። ብዙ ጊዜ MT103 ይሉታል። እንዲህ ያሉ መስመሮች ልታገኚበት ትችያለሽ፦

```
:32A:250903EUR6400,00
:33B:EUR6400,00
:70:STUDENT ID 00000 INV 00000
:71A:SHA
```

የመጀመሪያው መስመር ቀኑን፣ የገንዘቡን ዓይነትና መጠኑን ይዟል፤ 250903 ማለት ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 ነው። ሁለተኛው እንዲላክ ያዘዝሽው ነው። ሦስተኛው ለተቀባዩ የተጻፈው መልእክት ነው። መጨረሻው የማስተላለፊያውን ክፍያ ማን እንደሚችል ይናገራል። በአዲሱ የመልእክት ዓይነት SHA በሚለው ፋንታ SHAR ልታዪ ትችያለሽ፤ ትርጉሙ ያው ነው። ሰነዱ ላይ UETR የሚባል፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ከነሰረዞቹ 36 ምልክት ያለው መለያም አለ። ዩኒቨርሲቲው «አልደረሰንም» ካለሽ እሱን ላኪላቸው። ባንካቸው በእሱ ገንዘቡ የት እንደቆመ መፈለግ ይችላል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የውጭ አገር ተማሪዎች የክፍያ ማረጋገጫ ስንሰጣቸው «የተመዘገበ ተማሪ ነው» የሚል ጨምሩልን ይሉናል። ከከፈለ ተመዝግቧል አይደል? ልጨምርላቸው?

መልስ፦ አትጨምሩ። ተማሪዎቹን ለመጥቀም ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የምትጎዷቸው እነሱን ነው።

ተቀባይነት ማግኘት፣ ቦታ ማስያዝ፣ መክፈልና መመዝገብ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የከፈለ ሰው ኮርስ ሳይመርጥ ወይም ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ሳያቀርብ ሊቆይ ይችላል። ያ ሰው አልተመዘገበም። በተቃራኒው፣ በየወሩ እየከፈለ የሚማር ተማሪ ዕዳ እያለበት በትክክል የተመዘገበ ነው። የእናንተ ሲስተም የሚያሳየው ሒሳቡን ነው። የእናንተ ደብዳቤ «ተመዝግቧል» ብሎ የሬጅስትራሩ «አልተመዘገበም» ካለ፣ ቪዛ ክፍል ያለው ሰው ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ያነባል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ተማሪው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ባለው መረጃ፣ የተማሪው የመጀመሪያ ሴሚስተር ክፍያ EUR 6,400.00 ገቢ ሆኗል፤ ቀሪ ሒሳብ EUR 0.00 ነው። ይህ ደብዳቤ ክፍያን ብቻ የሚገልጽ ሲሆን፣ የምዝገባ ሁኔታን የሚያረጋግጠው የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ነው።»

«እስከ» የምትለዋን አትርሷት። ተማሪው በሳምንቱ ትምህርቱን አቋርጦ ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ ደብዳቤያችሁ እውነት እንደሆነ ይቆያል። «ሙሉ በሙሉ ከፍሏል» ማለት ከፈለጋችሁ ደግሞ የምኑን እንደሆነ ንገሩ። የሴሚስተሩን ነው ወይስ የዓመቱን? ዓመቱን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሴሚስተሩን ይዞ ለመጣ ተማሪ «ግማሹ የታለ?» ይለዋል።

ሬጅስትራሩ በሚጽፈው ላይ ደግሞ የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለመሆኑ እንዲገለጽ ተማሪዎቹን ምከሯቸው። ለቪዛ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የከፈለልኝ አጎቴ ነው፤ የአባቱ ስም ከእኔ ይለያል። ዩኒቨርሲቲው «ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ ገብቷል» አለኝ።

መልስ፦ አጎትሽ ሲልክ በባንኩ ቅጽ ላይ ለተቀባዩ በሚጻፈው መልእክት የአንቺ መለያ ቁጥር አልተጻፈም ይሆናል። ያ ቦታ የሚይዘው 140 ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ጫፉ ይቆረጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መለያ ቁጥርሽ፣ ከዚያ የኢንቮይሱ ቁጥር፣ ከዚያ ስምሽ በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ይጻፍ። «ለትምህርት ክፍያ» የሚለው መጨረሻ ይምጣ።

ለአሁኑ ግን የስዊፍት ኮፒውንና አጎትሽ የፈረመበት አጭር ወረቀት ለፋይናንስ ክፍሉ ላኪ። ወረቀቱ የላከውን ገንዘብ መጠንና ቀን፣ የአንቺን መለያ ቁጥርና «ይህ ገንዘብ ለእሷ ሒሳብ ይመዝገብ» የሚል ቃል ይያዝ። ደረሰኙ ሲወጣም ከፋይ እሱ፣ ተማሪ አንቺ ሆናችሁ ለየብቻ እንዲጻፍ ጠይቂ። የእሱ ስም ብቻ ያለበት ደረሰኝ ለቪዛ አይረዳሽም።