«ገልብጡ» ወይስ «ቀልብሱ»? የሄስን ሕግ በአማርኛ ስናሰላ

ጥያቄ፦ «ተማሪዎችን ኬሚስትሪ በአማርኛ አስጠናለሁ። የሄስ ሕግ ላይ ደርሰን ‹ሁለተኛውን እኩልታ ገልብጡት› ስላቸው አንዳንዶቹ 283ን ‹አንድ ለ 283› ያደርጉታል። ‹ገልብጡ› ልበል ወይስ ‹ቀልብሱ›? ደግሞስ ‹ኔጋቲቭ 110.5 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቀቃል› ማለት ያስኬዳል?»

መልስ፦ «ቀልብሱ» ይበሉ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን አያስኬድም፤ ምክንያቱን ከስሌቱ ጋር አብረን ብናየው ይሻላል።

«ገለበጠ» በትምህርት ቤት አማርኛ ብዙ ሥራ አለበት። ከጓደኛ ደብተር መቅዳት መገልበጥ ነው፤ የክፍልፋይን ላይና ታች ማለዋወጥም መገልበጥ ነው። ክፍልፋይ ሲያካፍል «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ» እየተባለ ያደገ ተማሪ፣ ቃሉን ሲሰማ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ቁጥሩ ነው። «ቀለበሰ» ግን እንዲህ ያለ ጭነት የለበትም። ውሳኔ ሲቀለበስ ነገሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከእኩልታው የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የተገኘው ውጤት ወደ መነሻው ይመለስ፣ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይዙር። እንግዲህ የሚቀለበሰው እኩልታው ነው። ቁጥሩን በተመለከተ «ምልክቱን ቀይሩ» የሚል ሌላ ትእዛዝ ለብቻው ይሰጥ። ሁለቱን በአንድ ግስ ጠቅልሎ መናገር ነው ስሕተቱን የሚወልደው።

ጥያቄዎ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሆኑ በዚሁ እንቀጥል። የሚፈለገው ካርቦን በግማሽ ሞል ኦክስጅን ነዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን ያለው የኢንታልፒ ለውጥ ነው። ይህን በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ ነው። ካርቦንን በጥቂት ኦክስጅን ብናነደው ከፊሉ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሄዳል፣ ከፊሉም ሳይነድ ይቀራል፤ ካሎሪሜትሩ የሚያነበው የድብልቁን ሙቀት ነው። በደንብ የሚለኩት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦

```
(1) C(s) + O2(g) → CO2(g)       ΔH = −393.5 kJ
(2) CO(g) + ½O2(g) → CO2(g)     ΔH = −283.0 kJ
```

በስዊዘርላንድ ተወልዶ በሩስያ የሠራው ጀርሜን ሄስ እ.ኤ.አ. በ1840 ያሳወቀው ሕግ መንገዱን ይከፍትልናል። ጠቅላላው የሙቀት መጠን በመነሻውና በመድረሻው እንጂ በመካከል በታለፈው መንገድ አይወሰንም። ስለዚህ ካርቦንን እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድረስ በወረቀት ላይ አንድደን፣ ከዚያ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ልንመልሰው እንችላለን። በተግባር እንዲህ ባይሠራም ሒሳቡ ያው ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድን የምንፈልገው በቀኝ በኩል ነው፤ በ(2) ላይ ያለው ግን በግራ ነው። ስለዚህ (2) ይቀለበሳል፣ ምልክቱም ይቀየራል፦

```
C(s) + O2(g) → CO2(g)           ΔH = −393.5 kJ
CO2(g) → CO(g) + ½O2(g)         ΔH = +283.0 kJ
-----------------------------------------------
C(s) + ½O2(g) → CO(g)           ΔH = −110.5 kJ
```

እዚህ ላይ የሚመቸው ግስ «ደምሩ» ነው፤ ግራውን ከግራው፣ ቀኙን ከቀኙ። «ቀላቅሉ» ወይም «አዋህዱ» ሲባል ተማሪው በብልቃጥ ውስጥ የሚሆን ነገር ይታየዋል። በሁለቱም በኩል የተገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ «ይሰረዛል» እንጂ «ይጠፋል» አይባልም። ቁስ የትም አልጠፋም፤ አንድ ጊዜ እንደ ውጤት፣ አንድ ጊዜ እንደ መነሻ ስለ ተጻፈ ብቻ ከወረቀቱ ላይ ተሰረዘ። ኦክስጅኑም በግራ አንድ፣ በቀኝ ግማሽ ነበር፤ ግማሹ ከግማሹ ጋር ሲሰረዝ በግራ ግማሽ ይቀራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። «ይለቀቃል» የሚለው ግስ ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄዱን ተናግሮ ጨርሷል። «ኔጋቲቭ» የሚለውም ያንኑ ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል፤ ኔጋቲቭ ሙቀት ተለቀቀ ማለት በጥብቅ ሲነበብ ሙቀት ገባ ማለት ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ «የኢንታልፒ ለውጡ ኔጋቲቭ 110.5 ኪሎ ጁል ነው» ወይም «110.5 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወጣል»። ምልክቱ ከ«ለውጥ» ጋር ይሂድ፤ ግሱ ደግሞ ያለ ምልክት ይቁም።

ይህ ልዩነት ለማስተማር ትልቅ ጥቅም አለው። ተማሪው ከመቀልበሱ በፊት ነገሩን በግስ እንዲናገር ያድርጉት፦ «ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ 283 ኪሎ ጁል ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመለስ 283 ኪሎ ጁል ይገባል።» «ይወጣል» ወደ «ይገባል» ሲለወጥ መጠኑ እንዳልተነካ ጆሮው ይሰማዋል። ይህን አፉ የለመደ ተማሪ 283ን አንድ ለ 283 ሊያደርገው አይዳዳውም።

ስሕተቶቹን ከመልሱ ላይ ማወቅ ይቻላል። አንድ ለ 283 ያደረገው ተማሪ የሚያገኘው ከ393.5 የማይለይ ቁጥር ነው፤ አንድ ለ 283 ከአንድ መቶኛም ያነሰ ስለሆነ በድምሩ ላይ አይታይም። እኩልታውን ቀልብሶ ምልክቱን የረሳው ደግሞ ኔጋቲቭ 676.5 ይጽፋል። ይህ ካርቦን እስከ መጨረሻው ነዶ ከሚሰጠው ሙቀት ይበልጣል፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ሙሉውን ከሄደው በላይ ሙቀት አወጣ ማለት ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲነድ አካባቢውን ማቀዝቀዝ ነበረበት።

ሦስተኛው ስሕተት ግን በጣም የምወደው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንዳንድ መጻሕፍት ግማሽን ለመሸሽ (2)ን በእጥፍ ይጽፉታል፦

```
2CO(g) + O2(g) → 2CO2(g)        ΔH = −566.0 kJ
```

ይህ ሲሰጥ ተማሪው መቀልበስ ብቻ ሳይሆን ማጋመስም አለበት። አማርኛ «አጋምሱ» የሚል አንድ ቃል ስላለው «በግማሽ አባዙ» ከማለት እርሱ ይቀላል፤ ብቻ «እኩልታውንም ቁጥሩንም አጋምሱ» ብለው ሁለቱን ይጥሩ። ቁጥሩን ሳያጋምስ የደመረ ተማሪ 566.0 ላይ 393.5ን ቀንሶ ፖዘቲቭ 172.5 ያገኛል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እኩልታዎቹን ሳናጋምስ ብንደምራቸው ይህ ይወጣል፦

```
C(s) + CO2(g) → 2CO(g)          ΔH = +172.5 kJ
```

ተማሪው ትክክለኛ መልስ አግኝቷል፤ የመለሰው ግን ያልተጠየቀውን ነው። የተናገረውም ነገር በከሰል ምድጃ ውስጥ በእውን የሚሆን ነው። ከታች አየር ሲገባ ከሰሉ ነዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ያ ጋዝ በጋለው ከሰል መካከል ሲወጣ እንደገና ካርቦን ይዞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ለዚህም ሙቀት ከፍሙ ይወስዳል። ላይ ደርሶ አየር ሲያገኝ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ሳይነድ ያመለጠው ነው በዝግ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው። ቁጥሮቹ ለግራፋይት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የተሰጡ ስለሆኑ ለከሰል ልክ ያው አይሆኑም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። እንግዲህ መልሱን የሚፈትነው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከድምሩ በኋላ የቀረው እኩልታ ከተጠየቀው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰላል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ተማሪ ከመስመሩ በታች የቀረውን ቢጽፍ ኖሮ በግራ በኩል የተቀመጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነግረው ነበር።

ስለ ስሞች አንድ ነገር ልጨምር፤ አልጠየቁኝም፣ ግን በዚሁ ስሌት ውስጥ ብዙ ጥፋት የሚያደርስ ነው። በአማርኛ «ውሃ» ስንል ፈሳሹን ነው፤ ለጋዙ «እንፋሎት» የሚል የራሱ ስም አለን። በኬሚስትሪ ክፍል ግን ሁለቱም «ውሃ» እየተባሉ ያልፋሉ። የሜቴንን መሠራት ብናሰላ ጉዳቱ ይታያል። ካርቦንና ሃይድሮጅንን አገናኝቶ ሜቴን ብቻ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ እዚህም ሦስቱን ነዳጆች በየራሳቸው አንድደን እንደምራለን፦

```
C(s) + O2(g) → CO2(g)                  −393.5
2H2(g) + O2(g) → 2H2O(l)               2 × (−285.8)
CO2(g) + 2H2O(l) → CH4(g) + 2O2(g)     +890.3
----------------------------------------------
C(s) + 2H2(g) → CH4(g)                 −74.8 kJ
```

የመጀመሪያው እንዳለ ይቀመጣል፣ የሃይድሮጅኑ በ2 ይባዛል፣ የሜቴኑ ይቀለበሳል። 285.8 ሃይድሮጅን ነዶ ፈሳሽ ውሃ ሲሆን የሚወጣው ሙቀት ነው። እንፋሎት ሆኖ ከቀረ የሚወጣው 241.8 ብቻ ነው። ከሰንጠረዡ «ውሃ» የሚል አይቶ 241.8ን ያነሣ ተማሪ ድምሩ ፖዘቲቭ 13.2 ይሆንበታል። ሙቀት የሚያወጣው ለውጥ ሙቀት የሚያስገባ ሆኖ ቁጭ አለ።

ለዚህ መድኃኒቱ በቅንፍ ያሉትን ፊደላት አንብቦ በስማቸው መጥራት ነው፤ ፊደሉ ጋዝ ካለ «እንፋሎት» ይበል፣ ፈሳሽ ካለ «ውሃ»። ከዚያ እንፋሎት በውሃ አይሰረዝም። ተማሪው ይህን ሲያደርግ ከመስመሩ በታች በግራ 2 ውሃ፣ በቀኝ 2 እንፋሎት ይቀሩበታል። የቀሩትን የሚያስታርቅ ሌላ እኩልታ እንደሚያስፈልገው ራሱ ያየዋል፤ እርሱም አንድ ሞል እንፋሎት ውሃ ሲሆን 44.0 ኪሎ ጁል የሚወጣበት ነው። በ2 አባዝቶ ኔጋቲቭ 88.0ን በ13.2 ላይ ሲደምር ኔጋቲቭ 74.8 ያገኛል።